ሁለት እንጀራ ከአንድ ሊጥ፦ የአንድ ቪዲዮ ስክሪፕት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ እንጀራ ዓይን እንዲሆን ከእቴቴ ጋር ተስማምተናል። እቴቴ አክስቴ ናቸው፤ በቪዲዮዎቻችን የሚጋግሩትም የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው፣ እኔ ስክሪፕቱን እጽፋለሁ። ተመልካቾቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «እንጀራዬ ድፍን ሆነብኝ፣ ዓይን አላወጣልኝም፣ ምን ላድርግ?» ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ውጭ አገር በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ናቸው።

ዛሬ እቴቴ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ዓይን ላይ ለውጥ ያመጣል ያሉትን ሁሉ ሳልመርጥ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ፦ የጤፉ ዓይነትና አፈጫጨቱ፣ የእርሾው ዕድሜ፣ ቡኮው በደንብ መታሸቱ፣ ስንት ቀን መቀመጡ፣ ከላይ የጠለለው ውሃ መደፋቱ፣ አብሲቱ፣ ሊጡ ኩፍ ማለቱ፣ ቅጥነቱ፣ የምጣዱ ሙቀት፣ የምጣዱ አሰሳስ፣ አክምባሎው የሚደፋበት ሰዓት። ከአሥር በላይ ሆነ።

ኤዲተራችን «አሥሩንም እናስገባቸው፤ ርዕሱ ላይ ትልቅ ቁጥር ያምራል» አለ። እኔ አልተቀበልኩትም። በስምንት ደቂቃ ውስጥ አሥር ምክር ማለት ለእያንዳንዱ ሃምሳ ሴኮንድ አይደርሰውም ማለት ነው። እቴቴ በደቂቃ ወደ መቶ ቃል ገደማ ነው የሚናገሩት፣ ስለዚህ አንዱ ምክር ሰባ ሰማንያ ቃል ያገኛል። በዚያ ቃል «ይህን አድርጉ» ይባላል እንጂ ምልክቱን ለማሳየትና ምክንያቱን ለመናገር ቦታ የለም። ደግሞም አሥሩ እኩል ከተነገሩ ተመልካቹ ነገ ሲጋግር ከየቱ እንደሚጀምር አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት

ያለፈውን የዝርዝር ቪዲዮ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ከፍቼ ተመልካች የሚቆይበትን መስመር አየሁት። መስመሩ በየሴኮንዱ ስንት በመቶ ሰው እያየ እንደነበር ያሳያል። መጀመሪያ ላይ መውረዱ የተለመደ ነው። ያተኮርኩት ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፦ መስመሩ ምክር እየተነገረ ሳለ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ «ቀጣዩ ምክር» በተባለ ቁጥር ግን አንድ ደረጃ ወረድ ይላል። ሰው የሚወጣው አንዱ ምክር አልቆ ሌላው ሳይጀመር ነው። አንዱ ነገር ተጠናቀቀለት፣ የሚጠብቀው ነገር የለም፣ ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ስክሪፕት ዋናው ሥራ መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። አንዱ ምክር ሲያልቅ ተመልካቹ እጅ ላይ ያልተፈታ ነገር መቅረት አለበት፣ ያንን የሚፈታው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ምክር መሆን አለበት። ረቂቁን የምፈትንበት መንገድም ከዚሁ ወጣ፦ ሁለት ምክሮችን ቦታ አቀያይሬ አነባለሁ። ምንም ካልተበላሸ ቅደም ተከተሉ ሥራ እየሠራ አይደለም፤ ምክሮቹ ጎን ለጎን ተደረደሩ እንጂ አንዱ ሌላውን አልተሸከመም።

ማክሰኞ ማታ

እቴቴን ጠየቅኳቸው፦ «አንድ ብቻ የመናገር ዕድል ቢሰጥዎት የቱን ይናገራሉ?»

አላመነቱም። «አብሲቱን ነዋ! ምጣዱ ቢበርድ ታነደዋለህ፣ ሊጡ ቢወፍር ታቀጥነዋለህ። አብሲቱ ከተበላሸ ግን ምጣድ ላይ ቆመህ የምታደርገው የለህም።»

መድረሻው ተገኘ። ምክንያቱን ለራሴ በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱን ሳላውቅ ወደ እሱ የሚያመራ መንገድ ልሠራለት አልችልም። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም። የስንዴ ሊጥ የሚነፋው ግሉተኑ ተለጥጦ እርሾው የሚያወጣውን አየር ስለሚይዝለት ነው። የጤፍ ሊጥ ውስጥ ያ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለ አየሩ ቶሎ ያመልጣል። አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን ወስዶ በውሃ አብስሎ መልሶ መቀላቀል ነው። ሲበስል በውስጡ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ያ ውፍረት ወደ ሊጡ ሲመለስ አየሩን ይይዛል። የበሰለው ስታርች በሊጡ ውስጥ ላሉት ረቂቅ ሕዋሳትም የቀለለ ምግብ ነው፣ ስለዚህ ሊጡ እንደገና ይነቃና ኩፍ ይላል። ምጣድ ላይ ዓይን ሆኖ የሚወጣው ይኸው የተያዘው አየር ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። በአሠራሩ ቅደም ተከተል ከሄድኩ፣ ማለትም ከዱቄት ጀምሬ መሶብ ድረስ፣ አብሲት መሃል ላይ ይወድቃል። ከሱ በኋላ ስለ ምጣድ ሙቀትና ስለ አክምባሎ ማውራት አለብኝ፤ ጠንካራውን ተናግሬ ጨርሼ ወደ ቀላሉ መውረድ ይሆንብኛል። አብሲትን ከቦታው ነቅዬ መጨረሻ ላይ ብሰካው ደግሞ ተመልካቹ ግራ ይጋባል፦ ቅድም ምጣድ ላይ ነበርን፣ አሁን ለምን ወደ ቡሃቃው ተመለስን?

ረቡዕ

መፍትሔው ጉዞውን ገልብጦ ከምጣዱ ወደ ቡሃቃው መሄድ ነው።

እንጀራ ድፍን የሆነባት ሴት አሁን ምጣዷ ፊት ቆማለች። መጀመሪያ ልትለውጠው የምትችለው በመጨረሻ የሚደረገውን ነገር ነው፣ አክምባሎውን። ካልሆነ ከሱ በፊት ያለውን፣ ሙቀቱን። ካልሆነ ሊጡን ታቀጥናለች ወይም ታወፍራለች። ካልሆነ ሊጡ ኩፍ ማለት አለማለቱን ታያለች። ያም ካልሆነ የሚቀራት አብሲቱ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ለማረም እየከበደ፣ ያስከተለው ጉዳት ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል። አብሲት መጨረሻ ላይ የመጣው እኔ ስላስቀመጥኩት ሳይሆን መንገዱ ራሱ ወደ እሱ ስለሚያደርስ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የመጀመሪያው ምክር ደካማ መሆን የለበትም፤ አስተያየት ሰጪዎቻችን የሚያማርሩት «ጥሩውን መጨረሻ ላይ ለመናገር መጀመሪያ ላይ ወሬ አበዛችሁ» እያሉ ነው። አክምባሎ ትንሽ ነገር ቢመስልም ውጤቱ ወዲያው፣ በቀጣዩ እንጀራ ላይ ይታያል። በሃምሳ ሴኮንድ ውስጥ ቪዲዮውን ዘግታ የሄደች ሴት እንኳ ይዛው የምትሄደው አንድ የሚሠራ ነገር ይኖራታል። ይህን ከልቤ ነው የምፈልገው።

አምስት ምክር ይበቃል፦ አክምባሎ፣ ሙቀት፣ ቅጥነት፣ ኩፍታ፣ አብሲት። ምጣድ ማሰስን አወጣሁት፣ ጎመን ዘሩ እንጀራው እንዳይጣበቅ ይረዳል እንጂ ዓይን አያወጣም። ጤፉና እርሾው ግን ከባድ ጉዳዮች ናቸው፤ በሁለት መስመር የሚያልቁ ስላልሆኑ ለራሳቸው ቪዲዮ ይቆዩ አልኩ። ኤዲተራችን አምስት ቁጥር ያንሳል ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብዬ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ፤ «በቃ ቁጥሩን ርዕሱ ላይ አንጻፈው» አለ። ትክክል ነው፣ አንጽፈውም።

ሐሙስ

የመክፈቻው ጉዳይ። አምስቱን ምክሮች የሚያያይዝ አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ሐሳቡ የመጣው ከእቴቴ ነው። «ሁለት አድርጌ ልጋግርልህ፣ አንዱን ባብሲት፣ አንዱን ያለ አብሲት። ልዩነቱን ሰው በዓይኑ ይየው።»

ስለዚህ ቪዲዮው በሁለት እንጀራ ይከፈታል። አንዱ ዓይኑ የተንጣለለ፣ ሌላው እዚህም እዚያም ደፈን ያለ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ አይነገርም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምክር አንድ ጥርጣሬ ያነሳል፣ ያስተምርበታል፣ ከዚያም ይጥለዋል። አክምባሎው ይሆን? አይደለም፣ ሁለቱም እኩል ሰዓት ላይ ነው የተደፋባቸው። ሙቀቱ ይሆን? አይደለም፣ አንድ ምጣድ ነው።

የመክፈቻው ረቂቅ፦

«እነዚህን ሁለት እንጀራዎች የጋገርኳቸው ዛሬ፣ በአንድ ምጣድ ላይ ነው። ሊጡ አንድ ነው፣ አንድ ቡሃቃ ውስጥ ነው የቦካው። ይኼኛው ዓይኑ እንዲህ ወጥቷል፣ ይኼኛው ግን እዩት። ከምጣዱ ተነስተን ወደ ኋላ እየሄድን የቱ ጋ እንደተለያዩ እንፈልግ። በየመንገዱ የምናገኘው ነገር የናንተንም እንጀራ ሊያበላሽ የሚችል ነው፣ ስለዚህ እያያችሁ የራሳችሁን መርምሩ።»

ሃምሳ ቃል ያህል ነው፣ ሠላሳ ሴኮንድ። ሰላምታው፣ የቻናሉ ስም፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ሁሉ ከዚህ በፊት አይገባም። እቴቴ «ሰው ቤት ሰላም ሳይሉ ይገባል እንዴ?» ብለው ተከራከሩኝ። «እንደምን ዋላችሁ» የምትል አንዲት ቃል ፊት ላይ ትገባለች ተባብለን ተስማማን፤ ያለዚያ ንግግሩ የሳቸው አይመስልም።

ዓርብ ማታ

ጀርመን ለምትኖረው እህቴ ደውዬ ረቂቁን በስልክ አነበብኩላት። እሷ ትክክለኛዋ ተመልካች ናት፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ አንዳንዴ ይወጣላታል፣ አንዳንዴ አይወጣላትም። ሦስተኛውን ምክር እንደጨረስኩ አቆምኩና «እስካሁን በሰማሽው ማንን ትጠረጥሪያለሽ?» አልኳት።

«እርሾውን» አለች።

ይህ መልስ ብዙ ነገር ነገረኝ። ሊጡ አንድ መሆኑን በመክፈቻው ሰምታለች፣ ግን አልያዘችውም። ቪዲዮውን የሚያየው ሰውም ስለ እርሾ እያሰበ ከተቀመጠ የኔን ቅደም ተከተል አይከተልም፣ የራሱን መልስ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ መክፈቻው ላይ እርሾ በስሙ ተጠርቶ መውጣት አለበት፦ «እርሾው አንድ፣ ጤፉ አንድ፣ የቦካበት ቀን አንድ።» በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልም፦ ከአንዱ ቡሃቃ ወደ ሁለት ጎድጓዳ ዕቃ በጭልፋ ሲከፈል መታየት አለበት። ከቡሃቃው ሲወጣ የሚታይ ነገር አይረሳም።

ስለ ኩፍታ ያነበብኩላት ጋ ስደርስ ደግሞ አቋረጠችኝ። «እዚህ በክረምት ሊጡ ኩፍ ሳይል ይውላል። እኔ ያልበራ ምድጃ ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቼ ነው የማስቀምጠው» አለች። በአራተኛው ምክር ውስጥ አስገባዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ «አንድ ሰዓት ጠብቁ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ለሷ ኩሽና ግን ሰዓት ምንም አይነግራትም፣ ምልክት ነው የሚነገራት።

ቅዳሜ፣ ቀረጻ

ከቡሃቃው ላይ የጠለለው ውሃ ተደፋ፣ ሊጡ ለሁለት ተከፈለ፣ እያንዳንዱ ሃያ ጭልፋ። ከአንደኛው ዕቃ እቴቴ ሁለት ጭልፋ ሊጥ ወሰዱ፤ ከአሥር አንድ መሆኑ ነው። ስድስት ጭልፋ ውሃ ለኩ፣ ከዚያው ጥቂቱን ቀንሰው በቀዝቃዛው ሊጡን አቀጠኑበት፣ የቀረውን አፈሉት። የቀጠነውን ሊጥ ወደሚፈላው ውሃ እያማሰሉ አፈሰሱ። በዚህ ሰዓት ማማሰያው ካረፈ ይጓጉላል፣ ጓጉላው ደግሞ እንጀራው ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቶሎ ወፈረ፣ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ማብረቅረቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል እየፈላ አማሰሉትና አወረዱት። ውፍረቱ እንደ አጥሚት ነው።

ካሜራው እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ የሳቸውን ጣት ያዘ። አብሲቱ እስኪበርድ እየጠበቁ በየጊዜው ትንሿን ጣታቸውን ይነክራሉ። «ጣትህን አስገብተህ ቶሎ ካወጣኸው ገና ነው። ሞቆህ ግን አስችሎህ ከቆየ ይመለሳል» አሉኝ። በቴርሞሜትር ብንለካው ወደ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው የሚሆነው። ትኩስ ሆኖ ከተመለሰ ሊጡን የሚያነቃውን ነገር ይገድለዋል፤ አብሲት አድርገውም ዓይን ያጡ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው ይላሉ እቴቴ።

ሁለተኛው ዕቃ አብሲት አልገባበትም፤ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው የተጨመረለት። ያንኑ ስድስት ጭልፋ ውሃ ብንጨምርለት ይቀጥንና ንጽጽሩ ይበላሻል፤ አብሲት ያወፍራል፣ ውሃ ያቀጥናል። ስለዚህ እቴቴ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨመሩ፣ በየመሃሉ ሁለቱንም ሊጥ በጭልፋ ከፍ አድርገው እያፈሰሱ አወራረዱን አስተያዩ። እኩል ሲወርዱ አቆሙ። ይህን ሙሉውን ቀረጽነው፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ምክር፣ ስለ ቅጥነት የሚናገረው፣ በዚህ ሥዕል ላይ ሊቆም ይችላል።

ከዚያ ሁለቱም ተከድነው አንድ ቦታ፣ እኩል ሰዓት ተቀመጡ። ክዳኑ ሲነሳ አብሲት ያለበት ከፍ ብሎ፣ ላዩ በትናንሽ አረፋ ተሸፍኖ ነበር። ሌላው አረፋ አለው፣ ከፍ ግን አላለም።

እዚህ ላይ ነው የስክሪፕቱ ወገብ ያለው። እስከ ሦስተኛው ምክር ድረስ «ሁለቱም እኩል ነበሩ» እያልን ጥርጣሬ ስንጥል ቆይተናል። አራተኛው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል አይደሉም። እኩል ጠበቁ፣ አንዱ ተነፋ፣ አንዱ አልተነፋም። አራተኛው ምክር የራሱን ትምህርት ያስተምራል፤ ሊጡ ከፍ ብሎ ላዩ አረፋ ሲሞላ መጋገር እንጂ ሞልቶ ሲወርድ መጠበቅ የለም ይላል። ሲጨርስ ግን ትልቁን ጥያቄ ይተዋል፦ ታዲያ ይኼኛው ለምን አልተነፋም? ማክሰኞ ያቀድኩት የቅያሪ ፈተና ላይ አራተኛውንና ሁለተኛውን ባቀያይራቸው ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ጥሩ ምልክት ነው።

ያልጠበቅነው ደግሞ ጋገራው ላይ መጣ። ያለ አብሲት የተጋገረው እንጀራ ጭራሽ ድፍን አልሆነም። ዓይን አለው፤ ሳሳ ያለ፣ ዳር ዳሩ ላይ በርከት መሃሉ ላይ ጥቂት። ኤዲተራችን «በብርሃን እናስተካክለዋለን፣ ጠቆር እናደርገዋለን» አለ። አይሆንም አልኩት። ዓይኑን ያየ ሰው ቤቱ ሞክሮት ሌላ ነገር ቢያገኝ እቴቴን አያምንም፣ ሰው በሳቸው ላይ ያለው እምነት ደግሞ የቻናሉ መሠረት ነው። ሁለቱንም እንጀራ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥን፣ ለነገ።

እሑድ

ማግስቱ ጠዋት እቴቴ ሁለቱን ገለጡ። ባብሲት የተጋገረውን ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት፤ ምንም አልሆነም። ያለ አብሲት የተጋገረው ግን ገና ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ፣ ዳሩም ደርቆ ፈረፈረ። ካሜራው ስንጥቁን አቅርቦ ያዘ፣ ድምፁም ተሰማ።

መጨረሻው ተቀየረ ማለት ነው። ጠንካራው ማስረጃ ትናንት ምጣዱ ላይ ሳይሆን ዛሬ ጠዋት መሶቡ ውስጥ ነው ያለው። አብሲት ውሃ ይዞ ያቆያል፣ ስለዚህ እንጀራው ለስልሶ ያድራል፤ ዓይን የፈለገች ሴት ከዓይኑ ጋር ይህንንም ታገኛለች። አምስተኛው ምክር ሁለት እርከን ይኖረዋል፦ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ማደሩ። የሁለተኛው ነገር በመክፈቻው ላይ ፈጽሞ አልተጠቀሰም፣ ተመልካቹ ያልጠበቀው ተጨማሪ ሆኖ ይመጣል።

ሰኞ

የመጋጠሚያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ጨረስኩ። ከምክሮቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰዱት እነሱ ናቸው፤ እንዲህ ሆነዋል።

ከአክምባሎ ወደ ሙቀት፦ «ዓይኑ ላዩን ሁሉ ሳያዳርስ አክምባሎ ከደፋችሁ እንፋሎቱ ይደፍነዋል። እኔ ግን ሁለቱንም እስኪያበቁ ጠብቄ ነው የደፋሁት። ይኼኛው ሳይደፋበት በፊትም ዓይኑ ሳሳ ያለ ነበር። ስለዚህ ምጣዱን እንየው።»

ከሙቀት ወደ ቅጥነት፦ «ምጣዱ ከበረደ ሊጡ ተኝቶ ይቀራል፣ ሥሩም ይጣበቃል። በጣም ከጋለ ደግሞ ላዩ ሳይደርስ ሥሩ ያርራል። ግን እነዚህ ሁለቱ ተከታትለው ነው ምጣድ ላይ የወጡት። በአንድ ምጣድ፣ በአንድ ሙቀት አንዱ ዓይን ካወጣ ችግሩ ከምጣዱ በፊት ነው።»

ከቅጥነት ወደ ኩፍታ፦ «እዩ፣ ሁለቱም እኩል ነው የሚወርዱት። ቅጥነታቸው አንድ ነው። እንግዲህ ክድን አድርገን አስቀምጠናቸው ነበር፣ ክዳኑን እናንሳ።»

ከኩፍታ ወደ አብሲት ደግሞ ቃሉ በጣም ጥቂት ነው። ክዳኑ ተነስቶ ሁለቱ ሊጦች ጎን ለጎን እየታዩ እቴቴ «እኩል ነው የጠበቁት» ይላሉ፣ ሁለት ሴኮንድ ያህል ዝም ይላሉ፣ «ይኼኛው ውስጥ ግን አንድ ነገር የለም» ይላሉ። ኤዲተራችን ዝምታው ውስጥ ሙዚቃ ሊያስገባ ነበር፤ የኩሽናው ድምፅ ብቻ ይቅር አልኩ፣ ሥዕሉ ራሱ በቂ ነው።

የርዝመት ጉዳይ። አክምባሎ ሃምሳ ሴኮንድ፣ ሙቀትና ቅጥነት አንድ ደቂቃ አካባቢ፣ ኩፍታ ከደቂቃ በላይ፣ አብሲት ወደ ሦስት ደቂቃ። እየሄደ መርዘሙ ሆን ተብሎ ነው፤ አንድ ነገር ከሌላው እንደሚበልጥ ተመልካቹ የሚረዳው በሚሰጠው ጊዜ ነው እንጂ «ይህ ዋነኛው ነው» በመባሉ አይደለም። ይህችን «ዋነኛው» የምትል ቃል ከስክሪፕቱ ውስጥ ከያለችበት አወጣኋት።

አምስተኛው ምክር ላይ ደግሞ አነጋገሩ ይለወጣል። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ሁሉ መጀመሪያ የተበላሸውን ያሳያሉ፣ ከዚያ ምክንያቱን፣ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብን። አብሲት ላይ ምክንያቱ ይቀድማል፣ ምክንያቱም ብልሽቱን ተመልካቹ ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ ሲያየው ነበር። እቴቴ እንዲህ ይላሉ፦

«ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም። አየሩ ቢኖርም የሚይዝለት ያጣል፣ ያመልጣል። ስለዚህ ከራሱ ከሊጡ ጥቂት እንወስድና እናበስላለን። ከአሥር ጭልፋ አንድ ጭልፋ፣ ሦስት ጭልፋ ውሃ። እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ ሳታርፉ አማስሉ። ከዚያ ጠብቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ጣታችሁን አስገቡ፤ ሙቀቱን የሚችል ከሆነ መልሱት፣ ካልቻለ ገና ነው።»

ብዙ አብሲት ማድረግም ይጎዳል፣ እንጀራው በጣም እርጥብ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ገብቷል።

ማክሰኞ

የምዕራፍ ስሞች። ዩቲዩብ ላይ ምዕራፍ እንዲሠራ የመጀመሪያው ሰዓት 0:00 መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ በቅደም ተከተል መኖር አለበት፣ እያንዳንዱም ከአሥር ሴኮንድ ማነስ የለበትም። ኤዲተራችን የመጨረሻውን «ያልተጠበቀው ምክንያት» እንበለው አለ፤ አብሲት ብለን ከጻፍን ሰው ዘሎ ወደዚያው ይሄዳል ባይ ነው።

ዘሎ የሚሄድ ይኑር። ይህን ቪዲዮ ለሁለተኛ ጊዜ የምትከፍተው ሴት እጇ ሊጥ ውስጥ ነው፣ የአብሲቱን መጠን ነው የምትፈልገው፤ እሷን ስም ደብቄ ማንከራተት አልችልም። ዘሎ የሄደውም ቢሆን እቴቴ ሁለቱን ሊጦች እያሳዩ ሲናገሩ ይደርሳል፣ ከየት እንደመጡ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም። የሽፋኑ ሥዕል ግን ሁለቱ እንጀራዎች ብቻ ናቸው፣ አብሲት የሚል ቃል የለበትም። አውቶማቲክ ምዕራፍ የሚፈቅደውን ምርጫም አጥፍተነዋል፣ የራሳችን ብቻ እንዲታይ።

```
0:00 ሁለት እንጀራ ከአንድ ሊጥ
0:35 አክምባሎው መቼ ይደፋ
1:25 የምጣዱ ሙቀት
2:25 የሊጡ ቅጥነት
3:30 ኩፍ ያለና ያላለ ሊጥ
4:45 አብሲት፦ መጠን፣ ውፍረት፣ ሙቀት
7:30 በማግስቱ
```

ለእህቴ የተስተካከለውን እንደገና አነበብኩላት፣ ሦስተኛው ምክር ላይ አቁሜ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። «እስካሁን ሁሉም እኩል ነው፣ ክዳኑን ይክፈቱትና ልየው» አለች። የሚቀረው የእቴቴ ድምፅ ነው፤ ነገ ከሰዓት ሰፈሩ ጸጥ ሲል እንቀዳለን። የአብሲቱ መጠንና የጣት ፈተናው ደግሞ በጽሑፍ ከቪዲዮው ሥር የመጀመሪያው አስተያየት ሆኖ ይሰካል።